«ክፍት ቀናት»፦ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ የሚያወጣው ማስታወቂያ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ስቱዲዮ ሳይከፍት ካሜራውን ይዞ በግሉ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ፣ የሠርግ ወራት ሲቃረቡ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ይመርጥና ከሥሩ አጭር ጽሑፍ አክሎ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ያወጣል። ጽሑፉ ሥራውን ያወድሳል፤ ስልኩን ይሰጣል፤ ከዚያም «ለመጪው የሠርግ ወቅት ክፍት ቀናት አሉን» ይላል። ስቱዲዮ ያለው ሰው ደንበኛው ራሱ ወደ በሩ ስለሚመጣለት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙም አያስፈልገውም። በግሉ ለሚሠራው ግን ይህች ጥቂት መስመር የሱቁ በር ናት። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው ስለ ውዳሴው አይደለም፤ ውዳሴው በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነውና። የምንመለከተው ስለ ቀኖቹ ነው። አንድ ቀን «ክፍት» የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ሲጻፍስ በምን ይሳሳታል? ስሕተቱስ በማን ላይ ይወድቃል?

በመጀመሪያ የወቅቱን ወሰን ማወቅ ያስፈልጋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ በጾም ወራት ሠርግ አይደገስም። ስለዚህ የነቢያት ጾም በገና ከተፈታና የጥምቀት በዓል ጥር 11 ቀን ካለፈ በኋላ ዋናው የሠርግ ወቅት ይጀምራል፤ የሚያበቃውም ዐቢይ ጾም በሚገባበት ዋዜማ ነው። መነሻው የቆመ ሲሆን መድረሻው ተንቀሳቃሽ ነው። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጾመ ሐዋርያት መግቢያ ድረስ ሁለተኛ ወቅት አለ፤ ነገር ግን በብዙ አገር የግንቦት ጋብቻ አይወደድም፤ በወለጋም በዚያን ጊዜ ዝናቡ ገብቶ ዳሱ የሚያፈስበት፣ ጥርጊያው መንገድ የሚጨቀይበት ነው። ፎቶግራፍ አንሺውም የዓመት ገቢውን የሚጠብቀው በጥርና በየካቲት ላይ ነው።

ይህ መድረሻ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ሁለት ተከታታይ ዓመታትን በማነጻጸር ማየት ይቻላል። በ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ስለሚውል ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ሰኞ ይገባል። በ2019 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ስለሚውል ጾሙ የካቲት 29 ቀን ሰኞ ይገባል። ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው ሒሳቡ ረጅም አይደለም፤ በ2019 መጥቅዕ 7 ነው፤ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ቀን ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለሆነ ሲደመር 15 ይሆናል፤ ነነዌ የካቲት 15 ቀን ይገባል፤ ዐቢይ ጾም ከዚያ 14 ቀን በኋላ ነው። እንግዲህ ከጥር 12 ጀምሮ እስከ ጾሙ ዋዜማ ድረስ ያሉትን እሑዶች ብንቆጥር በ2018 አራት፣ በ2019 ሰባት እናገኛለን። ሠርግ በአብዛኛው በቅዳሜና በእሑድ ስለሚሆን አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በአንደኛው ዓመት የሚሸጠው አራት እሑድ ሲሆን በሁለተኛው ሰባት ነው ማለት ነው። «ወቅቱ ዘንድሮ ቀዝቅዟል» ወይም «ዘንድሮ ሥራ በዝቷል» የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ከገበያው ሳይሆን ከፋሲካ መዋያ የሚመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ሰባቱም እሑዶች እኩል አይደሉም። ሠርግ የአንድ ቀን ነገር አይደለምና። ሙሽሮቹ በማግሥቱ ወደ ሙሽራይቱ ቤተሰብ የሚመለሱበት መልስ አለ፤ መልስ ደግሞ ሥጋ የሚበላበት፣ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ ፎቶግራፍም የሚነሣበት ነው። የነነዌ ጾም ምን ጊዜም ሰኞ ይገባል፤ ዐቢይ ጾምም ምን ጊዜም ሰኞ ይገባል። ስለዚህ በ2019 የካቲት 14 ቀን እሑድ የተሠረገ ሠርግ መልሱ በነነዌ የመጀመሪያ ቀን ላይ ይወድቃል፤ የካቲት 28 ቀን እሑድ የተሠረገውም መልሱ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ይወድቃል። ጾም የሚጠብቁ ቤተሰቦች እነዚህን ሁለት እሑዶች ለሠርጉ ሳይሆን ለመልሱ ይፈልጓቸዋል፤ ሠርጉን ወደ ቅዳሜ ያመጡታል። በዚህ መሠረት ሠርጉ እሑድ፣ መልሱ ሰኞ ሊሆን የሚችልባቸው እሑዶች በ2019 አምስት ብቻ ናቸው፤ በ2018 ደግሞ ነነዌ ጥር 25 ቀን ስለሚገባ ሁለት ብቻ ይቀራሉ። ነነዌ ከጥር 17 ቀድሞ፣ ከየካቲት 21 ዘግይቶ ስለማይገባ ይህ የሁለት እሑድ ጉድለት በየዓመቱ አለ። ልምድ ያለው ፎቶግራፍ አንሺ በጽሑፉ ላይ «ቅዳሜ የካቲት 27 ከመልሱ ጋር» ብሎ ሲጽፍ፣ ልምድ የሌለው «እሑድ የካቲት 28 ክፍት ነው» ብሎ ይጽፍና የሚጠይቀው ሲያጣ ይገረማል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ሃይማኖት ተከታዮች ነው። ወለጋ ግን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከሥር የሰደደችበት አገር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ ከዚህ ዓለም የተለዩት በዚሁ በነቀምቴ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ምእመናንና ሌሎች ወንጌላውያን በዐቢይ ጾም ሥርዐት ስለማይታሰሩ ለእነርሱ የካቲት 29 በር የሚዘጋበት ቀን አይደለም። ሙስሊሞች ደግሞ ሌላ ሒሳብ አላቸው። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን ከየካቲት መጀመሪያ ገደማ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘልቃል፤ የጨረቃዋ መታየት አንድ ቀን ሊያስቀድም ወይም ሊያዘገይ ይችላል። ውጤቱ እንግዲህ ልብ የሚባል ነው። በየካቲት ወር የሙስሊሞች ሠርግ ሲቆም የኦርቶዶክሶች ይበረታል፤ ኦርቶዶክሶች ዐቢይ ጾም ሲይዙ ደግሞ ሙስሊሞች ዒድን አክብረው ሠርጋቸውን ሊጀምሩ ይችላሉ። በወንጌላውያን ዘንድ ሁለቱም ወቅቶች ክፍት ናቸው። ስለዚህ «የሠርግ ወቅት» የሚለው ቃል በነቀምቴ አንድ ወቅት አያመለክትም፤ መጋቢትን ጨርሶ ከዝርዝሩ ያወጣ ፎቶግራፍ አንሺ የከተማውን ግማሽ በር ራሱ እንደ ዘጋ ይቆጠራል።

ሌላው ክፍት ቀንን የሚቀንሰው ነገር መንገድ ነው። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደምቢ ዶሎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሙሽራይቱ ስትዋብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መነሣት ስላለባት፣ ጊምቢ ላይ እሑድ ሥራ የያዘ ሰው ቅዳሜ እዚያ ማደር አለበት፤ መልሱን አንሥቶ ሲመለስም ሰኞ ይመሻል። በቅርብ ዓመታት በአካባቢው በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት በጨለማ መጓዝ የማይታሰብበት ጊዜ ብዙ ስለነበረ ይህ ጥንቃቄ እንደ ቅንጦት አይታይም። እንግዲህ የጊምቢ አንድ ሠርግ በዝርዝሩ ላይ የሚበላው ሦስት ቀን ነው። በነቀምቴ ከተማ ውስጥ ለሆነ ሠርግ ግን ቅዳሜው ለሌላ ሥራ ነጻ ሊሆን ይችላል። «ቅዳሜ ጥር 29 ክፍት ነው» ብሎ የጻፈ፣ በማግሥቱ ግን ጊምቢ ቀጠሮ ያለው ሰው ያልነበረ ቀን ሸጧል።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንለፍ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። የስልክ የቀን መቁጠሪያ በአብዛኛው የአውሮጳውያኑን ቀን ያሳያል። ቤተሰብ ሠርግ የሚቀጥረው ግን በእኛ ቀን ነው። በአማርኛ «ጃንዋሪ 16» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ቢያንስ የውጭ አገር ቀን መሆኑን ያውቃል። በወለጋ ግን ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ በኦሮምኛ ወይም በሁለቱ ቋንቋዎች ተቀላቅሎ ይጻፋል፤ በኦሮምኛ «አማጂ» የሚለው የወር ስም ለጥርም ለጃንዋሪም ያገለግላል፤ «ጉራንዻላ» ደግሞ ለየካቲትም ለፌብሩዋሪም። ስልኩ በኦሮምኛ ሲሆን ጃንዋሪን አማጂ ብሎ ይጽፋል፤ የሙሽራዋ አባት ደግሞ አማጂን ጥር ብለው ያነቡታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ለምሳሌ «አማጂ 16» ተብሎ የተጻፈ ቀን እንውሰድ። በ2019 ጥር 16 ቀን እሑድ ነው፤ በአውሮጳውያኑ ጃንዋሪ 24 ማለት ነው። ጃንዋሪ 16 ደግሞ በእኛ ጥር 8 ቀን ቅዳሜ ነው። ልዩነቱ ስምንት ቀን ነው፤ ስምንት ማለት አንድ ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ የሳምንቱ ዕለት ይለያያል። ስለዚህ ጸሐፊው «እሑድ አማጂ 16» ብሎ ዕለቱን ቢጨምር አንባቢው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ይችላል። ብዙዎች ይህን ስለሚያውቁ ዕለቱን መጻፍ በቂ መድኃኒት ይመስላቸዋል።

ነገር ግን የካቲት ሲገባ ይህ መድኃኒት አይሠራም። በየካቲት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የቁጥር ልዩነት ሰባት ነው፤ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ነውና። ሰባት ደግሞ ልክ አንድ ሳምንት ነው። «እሑድ ጉራንዻላ 7» የሚለውን ብንመረምር የካቲት 7 ቀን 2019 እሑድ ነው፤ ፌብሩዋሪ 7 ቀንም እሑድ ነው፤ ይኸውም በእኛ ጥር 30 ቀን ይሆናል። ዕለቱ ለሁለቱም ይስማማል፤ ጥርጣሬ የሚያነሣ ምንም ነገር የለም። ፎቶግራፍ አንሺው በስልኩ ላይ ጥር 30ን ይይዛል፤ ቤተሰቡ የካቲት 7ን ይጠብቃል። ስሕተቱ የሚታወቀው እርሱ በማያውቁት ሠርግ በር ላይ ካሜራውን ተሸክሞ ሲቆም፣ ወይም በሚቀጥለው እሑድ ሙሽራይቱ ተውባ «የት ደረስህ?» ብለው ሲደውሉለት ነው። (ጳጉሜን ስድስት ከምትሆንበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ማለትም እንደ 2016 እና እንደ 2020 ባለው፣ ልዩነቱ በጥር ዘጠኝ፣ በየካቲት አብዛኛው ክፍል ስምንት ስለሚሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ በነዚያ ዓመታት የየካቲት ዕለት ይለያያል።) ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ አንድ ነው፤ የእኛን ቀንና የአውሮጳውያኑን ቀን ጎን ለጎን ከነዕለቱ መጻፍ።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ላይ እናውለው። አንድ የነቀምቴ ፎቶግራፍ አንሺ ለ2019 ወቅት ጥር 16 በነቀምቴ፣ ጥር 30 በጊምቢ ሥራ ይዟል እንበል። ከሰባቱ እሑዶች ሁለቱ ተይዘዋል፤ ሁለቱ (የካቲት 14 እና 28) ለጾመኞች መልስ የሚሆኑ ናቸው፤ ሙሉ ሆነው የቀሩት ጥር 23፣ የካቲት 7 እና የካቲት 21 ናቸው። ከጾም በፊት ያሉትን ሁለቱን ቅዳሜዎች፣ የካቲት 13ንና 27ን፣ ከመልሳቸው ጋር መሸጥ ይችላል። ጽሑፉን ራሳችን ለማሳያ ያህል ብናቀናጀው እንዲህ ይሆናል፦

«የ2019 ሠርግ፣ ነቀምቴና እስከ ጊምቢ። ክፍት ቀናት፦ እሑድ ጥር 23 (ጃንዋሪ 31)፤ እሑድ የካቲት 7 (ፌብሩዋሪ 14)፤ ቅዳሜ የካቲት 13 (ፌብሩዋሪ 20)፤ እሑድ የካቲት 21 (ፌብሩዋሪ 28)፤ ቅዳሜ የካቲት 27 (ማርች 6)። ሁሉም በማግሥቱ ካለው መልስ ጋር ነው። ለመጋቢት ሠርግ ይጠይቁን። ቀን የሚያዘው በቀብድ ነው። ይህ ዝርዝር የተጻፈው ታኅሣሥ 10 ቀን 2019 ነው።»

ቀኖቹ ከፊት የመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሑፉ በስልክ መስተዋት ላይ ሲወጣ ከፎቶግራፉ ሥር የሚታየው የመጀመሪያው ጥቂት መስመር ብቻ ሲሆን የቀረው ታጥፎ ይደበቃል። «በሕይወትዎ አንዴ የሚገጥመውን ልዩ ቀን...» ብሎ የጀመረ ሰው ያቺን መስመር ጨርሷል። መጨረሻ ላይ ያለው የተጻፈበት ቀንም የራሱ ሥራ አለው። በቴሌግራም የወጣ ጽሑፍ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ባለቤቱ ዋናውን ቢያርመው የተላለፉት ቅጂዎች አይታረሙም። ጥር 23 ከተያዘ ከወር በኋላ ደምቢ ዶሎ ያለች እኅት «ክፍት ነው» የሚለውን አሮጌ ቅጂ ልታነብ ትችላለች። የተጻፈበት ቀን ካለ ግን ዝርዝሩ አሮጌ መሆኑን በራሷ ታያለች፤ ደውላም ታረጋግጣለች።

«ቀን የሚያዘው በቀብድ ነው» የሚለው ሐረግ ብዙ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ክብደት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1687 የዋጋ ዝርዝርን ወይም ካታሎግን ለሌላ ሰው መላክ ወይም በአደባባይ መለጠፍ እንደ ውል ማቅረቢያ እንደማይቆጠር ይናገራል። በእኛ አስተያየት ማስታወቂያውም ከዚሁ ወገን ነው፤ «የካቲት 7 ክፍት ነው ብለሃልና ግዴታ አለብህ» ማለት አይቻልም። ቀብድ ከተሰጠ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያው ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ ለውል መደረግ ማስረጃ መሆኑን፣ በቁጥር 1885 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ እንደሚቀርበት፣ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ ለአንድ እሑድ ከሁለት ቤተሰብ አምስት አምስት ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ፎቶግራፍ አንሺ ለአንደኛው 10,000 ብር መመለስ ይኖርበታል። የቤተሰቡም ኪሣራ ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በጥር መጨረሻ ላይ በከተማው ያሉ ጎበዝ አንሺዎች ሁሉ ስለተያዙ እጥፍ ገንዘብ ይዘውም ሌላ ሰው አያገኙም።

ይህ ሁሉ ጽሑፉ ለአንባቢው ሲደርስ ነው። የማይደርስበት ጊዜም ነበር። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ የወለጋ ዞኖች ጭምር፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ዞኖች የስልክ አገልግሎት እንኳ አልነበረም። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 16 ቀን ስለነበረ የጥርና የየካቲት የሠርግ ወቅት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚሁ መቋረጥ ውስጥ አለፈ። መስመሩ እንደ ተመለሰ ደግሞ በሚያዝያ የወጣው የኮሮና አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ስለከለከለ የፋሲካ ማግሥት ሠርግም ቀረ። ስቱዲዮ ላለው ሰው ሰሌዳው በበሩ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ማስታወቂያው ስልክ ላይ ብቻ ላለው ግን በር የሚባል ነገር አልነበረም። በወረቀት ላይ የታተመ የአድራሻ ካርድ ከዲኮርና ከሙሽራ ልብስ አከራዮች ዘንድ ማስቀመጥ ያረጀ ዘዴ ቢመስልም በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያገለግለው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ እርሱም ከጽሑፉ በላይ የሚቀመጠው ፎቶግራፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአምናዋ ሙሽራ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ሙሽራይቱ ለመነሣት የከፈለችው ገንዘብ ለማስታወቂያ ፈቃድ እንደ መስጠት አይቆጠርም። ጠንቃቃው ፎቶግራፍ አንሺ ፈቃዱን የሚጠይቀው ቀብዱን በሚቀበልበት ጊዜ በዚያው ደረሰኝ ላይ በአንዲት መስመር ነው፤ እምቢ ያለች እንደሆነ የእጇን እንሶስላና የቀለበቱን ፎቶግራፍ ያወጣል፤ በዚያም ቀን ይሸጣል።